ኤልኢዲው ብልጭ ብሎ ለምን ጠፋ?

ምልክቱ

ቀይ ኤልኢዲ ብሬድቦርዱ ላይ ሰካችሁ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ በቀጥታ አገናኛችሁ። ለቅጽበት ከልክ በላይ አበራ፣ ከዚያ ድርግም አለ። አንዳንዴ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ወይም ውስጡ ጥቁር ነጥብ ይታያል።

ብልጭታውን ካላያችሁ ግን ተቃጥሏል ብላችሁ አትጣሉት። ተገልብጦ የተሰካ ኤልኢዲም አይበራም። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ መሆኑን እዩ።

ምክንያቱ

ብዙ ተማሪዎች «ኤልኢዲው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል» ብለው ያስባሉ። አይደለም። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ከረንት እምብዛም አያሳልፍም። ከዚያ በኋላ ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲጨምር ከረንቱ በብዙ እጥፍ ያሻቅባል። ሲሞቅ ደግሞ ይባስ ብሎ የበለጠ ያሳልፋል። የተለመደው ትንሽ ኤልኢዲ ያለማቋረጥ የሚችለው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። የ9 ቮልት ባትሪ ከዚያ በጣም የሚበልጥ ስለሚሰጥ ውስጡ ያለችው ቅንጣት ትቃጠላለች፣ ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነችው ሽቦ ትበጠሳለች። የተቃጠለ ኤልኢዲ አይጠገንም፤ አዲስ ቀይሩ።

ኤልኢዲ ትንሿ የሰዓት ባትሪ ላይ ከረንት የሚገድብ ሬዚስተር ሳይኖረው ሲበራ አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ከረንቱን የሚገድበው የባትሪዋ የራሷ የውስጥ ተቃውሞ ነው።

መፍትሄው

ከኤልኢዲው ጋር በተከታታይ አንድ ሬዚስተር አስገቡ። ስንት ኦም እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ከባትሪው 9 ቮልት የኤልኢዲውን 2 ቮልት ቀንሱ። የሚቀረው 7 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። 15 ሚሊአምፔር ይበቃናል፣ ማለትም 0.015 አምፔር። 7 ÷ 0.015 = 467 ይሆናል። ገበያ ላይ የምታገኙት ቅርቡ 470 ኦም ነው፤ ቀለሞቹ ቢጫ፣ ወይንጠጅ፣ ቡናማ ናቸው። ከኤልኢዲው በፊትም ሆነ በኋላ ብታደርጉት ልዩነት የለውም፣ ምክንያቱም በሁለቱም የሚያልፈው ያው አንድ ከረንት ነው።

«ሬዚስተር አድርጌም ተቃጠለብኝ»

ይህን ደጋግሜ እሰማለሁ። ቦርዱን ሳየው ብዙ ጊዜ የሬዚስተሩ ሁለቱም እግሮች አንድ ረድፍ ላይ ተሰክተዋል። ከመሃሉ ቦይ ወዲህ ያሉት አምስት ቀዳዳዎች ከስር በብረት የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ከረንቱ በብረቱ ያልፋል እንጂ ሬዚስተሩን አይነካውም። አንዱን እግር ከፖዘቲቭ ሽቦው ጋር አንድ ረድፍ ላይ ስኩ፣ ሌላውን ከኤልኢዲው ረጅም እግር ጋር ሌላ ረድፍ ላይ።

ባትሪውን ከማገናኘታችሁ በፊት መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የሬዚስተሩን ሁለት እግሮች ለኩ። 470 አካባቢ ካሳየ አገናኙ። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱም እግሮች አንድ ረድፍ ላይ ናቸው፤ አንዱን ንቀሉና ወደ ሌላ ረድፍ አዛውሩት።