5 ተጭኖ 1 ሲነበብ፦ የጎርትዘል ማጣሪያ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የስልክ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ረድፉን፣ ሌላው ዓምዱን ያመለክታል። ረድፎቹ 697፣ 770፣ 852 እና 941 ሄርዝ፣ ዓምዶቹ 1209፣ 1336፣ 1477 እና 1633 ሄርዝ ናቸው። እነዚህን ስምንት ድግግሞሾች ብቻ ለመለየት ሙሉ ኤፍኤፍቲ ማስኬድ ለትንሽ ቺፕ ከባድ ሸክም ነው። ጄራልድ ጎርትዘል በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ለአንድ ድግግሞሽ በየናሙናው አንድ ማባዛትና ሁለት መደመር፣ ለማስታወሻም ሁለት ተለዋዋጮች ብቻ ይፈልጋል።

```c
// c = 2*cos(2*PI*f/Fs)
s0 = x + c*s1 - s2;
s2 = s1;
s1 = s0;
// ከ205 ናሙና በኋላ
P = s1*s1 + s2*s2 - c*s1*s2;
```

ከዚህ በታች ያለው በአርዱዊኖ ኡኖ፣ በሴኮንድ 8000 ናሙናና በ205 ናሙና ጥቅል ለሚሠራ ሰው ነው። የድምፁ መስመር በ2.5 ቮልት ዙሪያ እንዲዋዥቅ ተደርጎ መገናኘቱንና ቀመሩ በትክክል መገልበጡን እንዳያችሁ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ 5 ሲጫን 1፣ 9 ሲጫን 5 ይነበባል፤ 1፣ 2 እና 3 ጨርሶ አይሰሙም

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ቀመሩ ላይ ስህተት የለም። ስህተቱ ኮዱ ውስጥ `Fs = 8000` ተብሎ ተጽፎ ናሙናው ግን በ8000 አለመወሰዱ ነው።

አብዛኛው ሰው `analogRead()`ን በ`for` ውስጥ ያሽከረክርና ፍጥነቱን በግምት ይጽፋል። አንድ `analogRead()` ወደ 112 ማይክሮሴኮንድ ስለሚፈጅ እውነተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 8900 አካባቢ ይሆናል። ማጣሪያው ሄርዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው በሁለት ናሙና መካከል ሞገዱ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ብቻ ነው። ስለዚህ ለ697 የተሠራው ማጣሪያ በተግባር የሚያዳምጠው 697 × 8900 ÷ 8000፣ ማለትም 775 ሄርዝን ነው። የ770 ማጣሪያ 857ን፣ የ852ቱ 948ን ያዳምጣል። በዓምዱም በኩል የ1209 ማጣሪያ 1345ን፣ የ1336ቱ 1486ን ይሰማል።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ከትክክለኞቹ ድግግሞሾች ጎን አስቀምጧቸው። የስልኩ ድግግሞሾች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ10 ከመቶ አካባቢ ነው፤ የናሙናው ስህተትም 11 ከመቶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ማጣሪያ ልክ የጎረቤቱ ቦታ ላይ ያርፋል። በዚህ ፍጥነት የአንዱ ማጣሪያ ስፋት 43 ሄርዝ ገደማ ስለሆነ የ5 ወይም የ10 ሄርዝ ልዩነት አያስቸግረውም። 5 (770 እና 1336) ሲጫን የ697ቱና የ1209ኙ ማጣሪያ በሙሉ ጉልበት ይነሳሉ፤ ይኸውም 1 ነው። በዚሁ ስሌት 6 ወደ 2፣ 8 ወደ 4፣ 0 ወደ 7፣ # ወደ 8 ይዞራል። የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ ደግሞ የሚሰማቸው ማጣሪያ አይኖርም።

ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን መቀየሪያ ያለ ማቋረጥ እንዲሠራ የለቀቀው ሰው ሌላ ዓይነት መልክ ያያል። የመቀየሪያው ሰዓት 125 ኪሎሄርዝ አንድ ናሙና ለሚፈጀው 13 ምት ሲካፈል 9615 ነው፤ በዚህ ፍጥነት 9 ሲጫን 1፣ # ሲጫን 4 ይነበባል። ሌሎቹ ቁልፎች ሁለት ሙሉ ድምፅ አያስነሱም።

እባካችሁ የቁልፎቹን ሰንጠረዥ በማዘዋወር "አትጠግኑት"። እንዲህ የተሠራ ኮድ ናሙና በሚወሰድበት ዙር ውስጥ አንድ `Serial.print` ሲጨመር እንደገና ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት እጥፍ ይከብዳል።

ለማረጋገጥ አንድ ማጣሪያ ብቻ፣ የ697ቱን፣ አስቀሩ። ከድምፅ ማመንጫ አንድ ነጠላ ድምፅ ከ600 እስከ 900 ሄርዝ በየ5 ሄርዙ እያሳደጋችሁ አስገቡና `P` ከፍተኛ የሚሆንበትን መዝግቡ። እውነተኛው የናሙና ፍጥነት 8000 × የተገኘው ድግግሞሽ ÷ 697 ነው። ከፍታው 775 ላይ ከተገኘ መልሱ 8895 ይሆናል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው በየናሙናው አንድ ፒን ገልብጦ መለካት ይችላል፤ በ8000 ናሙና ፒኑ ላይ 4000 ሄርዝ ሊታይ ይገባል።

መፍትሄው ናሙናውን በታይመር ማስጀመር ነው። 16 ሜጋሄርዝ ለ2000 ሲካፈል 8000 ነው።

```c
TCCR1A = 0;
TCCR1B = _BV(WGM12) | _BV(CS10);
OCR1A = 1999;
OCR1B = 1999;
ADMUX  = _BV(REFS0);
ADCSRB = _BV(ADTS2) | _BV(ADTS0);
ADCSRA = _BV(ADEN) | _BV(ADATE) | _BV(ADIE)
       | _BV(ADPS2) | _BV(ADPS1) | _BV(ADPS0);

ISR(ADC_vect) {
  TIFR1 = _BV(OCF1B);
  int v = (int)ADC - 512;
  if (n < 205) buf[n++] = v;
}
```

`TIFR1` ያለበትን መስመር አትዝለሉ። መቀየሪያው የሚነሳው `OCF1B` ከ0 ወደ 1 ሲቀየር ነው። ምልክቱ ካልተጠረገ ዳግም አይነሳም፤ አንድ ናሙና ተወስዶ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል። ደግሞም ስምንቱን ማጣሪያዎች በ`float` እዚሁ ኢንተራፕት ውስጥ አታስሉ። በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው 2000 የሰዓት ምት ብቻ ነው፣ አይበቃም፤ ናሙናም ይዘለላል፣ ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ። ናሙናውን አጠራቅሙ፣ ስሌቱን ውጭ ሥሩ። 205 ናሙና 410 ባይት ይይዛል፤ ኡኖ ያለው 2 ኪሎባይት ነው።

ምልክት፦ ለስላሳ ድምፅ ይነበባል፣ ጠንካራው ይጠፋል

ኢንቲጀር ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ማጣሪያው ድግግሞሹን ሲያገኝ `s1` በየናሙናው እያደገ ይሄዳል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ከፍታው ወደ A × 205 ÷ (2 × ሳይን) ይደርሳል፤ A የድምፁ ከፍታ ነው፣ ሳይኑም የ`2*PI*f/Fs` ነው። ለ697 ሄርዝ ሳይኑ 0.52 ስለሆነ የ200 ከፍታ ያለው ድምፅ 39,000ን ያልፋል፤ 16 ቢት የሚይዘው እስከ 32,767 ነው። `s1` እና `s2`ን `int32_t` አድርጉ። `c`ን በ16384 አባዝቶ በኢንቲጀር የሚሠራ ሰው (ለ697 ቁጥሩ 27980 ነው) ማባዛቱ ራሱ 32 ቢትን እንዳያልፍ ናሙናውን አስቀድሞ ለ4 ያካፍል። ድምፁ የመቀየሪያውን ሙሉ ስፋት ሲሞላ ያለ ማካፈል ያልፋል።

ምልክት፦ የመጀመሪያው ቁልፍ ትክክል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዝብርቅርቅ

በየጥቅሉ መጀመሪያ `s1` እና `s2` ወደ 0 አልተመለሱም። ይህ ማጣሪያ ያለፈውን በራሱ አይረሳም።

ምልክት፦ ምንም ሳይጫን 770 ይነሳል

512ቱ አልተቀነሰም፤ ወይም መስመሩ በትክክል 2.5 ቮልት ላይ አልተቀመጠም። የጥቅሉን አማካይ አስልታችሁ ከእያንዳንዱ ናሙና ቀንሱ።

ምልክት፦ ሰው ሲያወራ ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል

የ`P`ን መጠን ብቻ ከተወሰነ ቁጥር ጋር ማወዳደር ስንፍና ነው፤ ጮክ ያለ ንግግር ሁሉ ያልፈዋል። የናሙናዎቹን ካሬ ድምር E በሉት፤ ከዚያም 2 × (የረድፍ P + የዓምድ P) ÷ (205 × E) አስሉ። ንጹሕ ቁልፍ ወደ 1 ይጠጋል። የንግግር ጉልበት ግን በብዙ ድግግሞሽ ስለሚበተን ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል። 0.6ን መነሻ ወሰን አድርጋችሁ በራሳችሁ መስመር አስተካክሉት። ውጤቱ በሁለት ተከታታይ ጥቅሎች ካልተደገመ አትቀበሉት። ይህ ግን 51 ሚሊሴኮንድ ስለሚወስድ ከዚያ ያጠረ የቁልፍ ድምፅ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ምልክት፦ 1 እና 4 ይምታታሉ

ለፍጥነት ተብሎ ጥቅሉ አጥሯል። 697 እና 770 የሚራራቁት በ73 ሄርዝ ነው፤ በ100 ናሙና የማጣሪያው ስፋት 80 ሄርዝ ስለሚሆን ሊለያቸው አይችልም። ወደ 205 መልሱት፤ ስፋቱ 39 ሄርዝ ይሆናል።