ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፤ ታዲያ ጉብታው የታለ?

ስሌቱ ትክክል ሆኖ ግራፉ የሚበላሽበት ቦታ ነው ይሄ። ዴሪቬቲቩ በደንብ ወጥቷል፣ እኩል ይሆናል ዜሮ ተብሎ ተፈቷል፣ ማክሲመሙና ሚኒመሙ ግን የሌሉበት ቦታ ተቀምጠዋል። በአንድ ፈንክሽን ላይ እንየው።

```
f(x)  = x⁴ − 4x³
f′(x) = 4x³ − 12x² = 4x²(x − 3)
```

f′(x) ዜሮ የሚሆነው x = 0 እና x = 3 ላይ ነው።

ችግር፦ "ሁለት ዜሮ አገኘሁ፤ ስለዚህ አንዱ ማክሲመም፣ ሌላው ሚኒመም ነው"

ግራፉ ሲሳል ግን 0 ላይ ምንም ጉብታ የለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ f′(x) = 0 የሚነግረን እዚያ ነጥብ ላይ ታንጀንቱ አግድም መሆኑን ብቻ ነው። ጉብታ ይሁን ጎድጓዳ አይናገርም። ይህን የሚለየው ከነጥቡ በፊትና በኋላ ያለው የስሎፑ ምልክት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ኩርባው አቀበት ከሆነ ታንጀንቱ ሽቅብ ያዘነብላል፣ ስሎፑም ፖዘቲቭ ነው፤ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ኔጋቲቭ። አቀበት አልቆ ቁልቁለት ከጀመረ ጉብታ አለ፣ ቁልቁለት አልቆ አቀበት ከጀመረ ጎድጓዳ አለ፣ ምልክቱ ካልተቀየረ ግን ሁለቱም የለም።

መፍትሄው ከነጥቡ ግራና ቀኝ አጫጭር ታንጀንቶችን መሳል ነው። x = −1 ላይ ስሎፑ −16 ነው። x = 1 ላይ −8። ሁለቱም ወደ ታች ያዘነብላሉ። ስለዚህ ኩርባው እየወረደ መጥቶ 0 ላይ ለቅጽበት አግድም ይሆንና መውረዱን ይቀጥላል። 3 ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ x = 2 ላይ −16፣ x = 4 ላይ +64። ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ተቀየረ፤ ሚኒመሙ እዚህ ነው፣ f(3) = −27።

ቀመሩን ራሱን ካያችሁትም ይታያል። x² መቼም ኔጋቲቭ ስለማይሆን 0ን ስናልፍ ምልክት አይቀይርም፤ ምልክቱን የሚወስነው (x − 3) ብቻ ነው።

ችግር፦ "ምልክቱን ፈትሼ ነበር፣ ግን 0 ላይ ሚኒመም ሰጠኝ"

የመረጣችሁትን ቁጥር እዩት። ከ0 በስተቀኝ ብላችሁ 4ን ከወሰዳችሁ 3ን ዘላችኋል። +64 ያገኛችሁት ከጎድጓዳው ወዲያ ማዶ ካለው አቀበት ላይ ነው። መፈተሻው ቁጥር ሁልጊዜ በሁለት ጎረቤት ዜሮዎች መካከል መሆን አለበት። እዚህ ከ0 በታች አንድ፣ ከ0 እስከ 3 አንድ፣ ከ3 በላይ አንድ ይበቃል።

ችግር፦ የf′ ግራፍ ተሰጥቶ የf ሚኒመም ሲጠየቅ መልሱ x = 2 ይሆናል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የf′ ግራፍ x = 2 ላይ ጎድጓዳ አለው፣ ዋጋውም −16 ነው። ዓይን ቀጥታ እዚያ ያርፋል። ግን በf′ ግራፍ ላይ ከፍታው የሚያሳየው የኩርባውን ከፍታ ሳይሆን የታንጀንቱን ስሎፕ ነው። ስለዚህ x = 2 ማለት በ0 እና በ3 መካከል ኩርባው በጣም ቀጥ ብሎ የሚወርድበት ቦታ ነው፤ ገና አልጨረሰም፣ እስከ 3 ይወርዳል።

የf′ ግራፍ ከተሰጣችሁ ጉብታና ጎድጓዳውን ለጊዜው ተዉትና የx አክሲስን የሚያቋርጥበትን ብቻ ፈልጉ። ከታች ወደ ላይ ካቋረጠ f ሚኒመም አለው፣ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ማክሲመም። 0 ላይ ከታች መጥቶ አክሲሱን ነክቶ ወደ ታች ይመለሳል፤ አላቋረጠም፣ ስለዚህ አይቆጠርም።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ፦ "ኩርባው ከx አክሲስ በታች ስለሆነ ስሎፑ ኔጋቲቭ ነው" ማለት። x = 3.5 ላይ ኩርባው −21 አካባቢ ወርዶ ይገኛል፣ ስሎፑ ግን +24.5 ነው። የት እንዳለና ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለየብቻ ይታያል።

ችግር፦ ጎድጓዳው በዓይን ይታያል፣ f′(x) = 0 ግን መልስ የለውም

f(x) = |x|ን ውሰዱ። 0 ላይ ሚኒመም እንዳለው ግልጽ ነው፤ ከግራው ስሎፑ −1፣ ከቀኙ +1። ቦታው ሹል ስለሆነ አንድ የተወሰነ ታንጀንት የለውም፣ ዴሪቬቲቭም የለውም። ስለዚህ ዜሮዎቹን ስትዘረዝሩ ዴሪቬቲቭ የሌለባቸውንም ነጥቦች ጨምሩ። የምልክት ፍተሻው እዚያም ይሠራል፣ ኩርባው እዚያ እስካልተቆረጠ ድረስ።

ጥያቄው ክልል ከወሰነ ደግሞ ዳርና ዳሩን ማስላት ግድ ነው። የመጀመሪያው ፈንክሽናችን ከ−1 እስከ 4 ባለው ክልል ትልቁ ዋጋው 5 ነው፣ እሱም x = −1 ላይ ይገኛል። እዚያ ስሎፑ −16 መሆኑን ቀድመን አይተናል፤ f′(x) = 0ን ብቻ የፈታ ሰው ይህን ነጥብ በጭራሽ አያገኘውም።