ፎቶ የተነሳን የአቅራቢ ደረሰኝ አንብቦ ሒሳቡን ማመሳከር

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሒሳብ ስሠራ፣ ዕቃ የሚረከበው ባልደረባዬ ደረሰኙን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር። ፎቶው በፋይል መልክ እንዲላክ ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ ምስሉ ስለሚጨመቅ፣ በካርቦን የወጡ ቀጫጭን ቁጥሮች ይበልጥ ይደበዝዛሉ። ወረቀቱም ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ፣ ከላይ ቀጥ ተብሎ፣ አራቱም ጠርዞቹ እየታዩ መነሳት አለበት።

ፎቶው ሲደርስዎት የእያንዳንዱን ዕቃ ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ የአንዱን ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ በየረድፉ ወደ ወረቀት ይገልብጡ። በዚህ ጊዜ ምንም ማስላት አይገባም፤ ውጤቱን አስቀድሞ ያወቀ ዓይን የተጻፈውን ትቶ የሚጠብቀውን ያነባልና። ያጠራጠረዎትን ቁጥር በጥያቄ ምልክት ይለፉት።

ቀጥሎ በየረድፉ ብዛቱን በአንዱ ዋጋ ያባዙ። አንድ ደረሰኝ በምሳሌነት እንውሰድ፤ 24 ፎጣ በ450 ብር 10,800፣ 12 አንሶላ በ1,380 ብር 16,650፣ እንዲሁም 1 እሽግ ሶፍት በ260 ብር 1,820 ይላል። የመጀመሪያው ረድፍ ይስማማል። የሶፍቱ ግን አይስማማም፤ 1,820 ለ260 ሲካፈል 7 ስለሚሆን፣ 1 ተብሎ የተነበበው አናቱ በካርቦኑ ሳይወጣ የቀረ 7 ሊሆን ይችላል። ምስሉን አጉልተው ይዩት፤ ያም ሆኖ ቁጥሩ የተገኘው በስሌት እንደሆነ በማስታወሻ ይጻፉ፤ ዕቃ የተረከበው ሰውም ስንት እሽግ እንደቆጠረ ይጠየቅ።

የአንሶላው ረድፍ ነገሩ ሌላ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ 12 በ1,380 ግን 16,560 እንጂ 16,650 አይሆንም። ልዩነቱ 90 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ መካፈሉ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸውን ይጠቁማል። ጠቋሚ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ዜሮ ሲጨመር ወይም ሲጎድልም ልዩነቱ ለ9 ይካፈላልና።

ከረድፎቹ በኋላ ወደ ታች ይደምሩ። ደረሰኙ ድምሩን 29,270፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱን 4,390.50፣ የሚከፈለውን 33,660.50 ብር ይላል፤ የታችኛው ክፍል እርስ በርሱ ፍጹም ይስማማል። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ስሕተቱ የሚያመልጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ረድፉን አስቀድሜ የማየው ስለዚህ ነው። በትክክለኛው ስሌት ድምሩ 29,180፣ ታክሱ 4,377፣ የሚከፈለው 33,557 ብር ስለሆነ፣ ትርፍ የተጠየቀው 103.50 ብር ነው፤ ይህም የ90 ብሩ ስሕተት ከነታክሱ ማለት ነው።

ደረሰኙን በራስዎ እስክሪብቶ አያርሙ። ክፍያውን ያቆዩና ረድፉን ጠቅሰው አቅራቢው በሕጋዊ መንገድ እንዲያስተካክልልዎት ይጠይቁ።