ለዘገየ ኪራይ፦ የተቆጣ መልእክትን ወደ ጨዋና ቁርጥ ያለ ማስታወሻ መቀየር

አዲስ አበባ ያለ ኮንዶሚኒየማቸውን አከራይተው ዋሽንግተን የሚኖሩ ባለቤት ኪራዩ ሲዘገይባቸው እንዲህ ብለው ይጽፋሉ እንበል፦

> ኪራዩ የታለ? ሁልጊዜ ልለምንህ ነው? ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ካልከፈልክ ሰው ልኬ ዕቃህን አስወጣዋለሁ።

ንዴታቸው ይገባል፤ ቤቱ ዕዳ ይኖርበታል፣ እናት የሚጦሩትም በዚያው ኪራይ ሊሆን ይችላል። መልእክቱ ግን ስንት ብር፣ የየትኛው ወር፣ እስከ መቼ፣ በየት በኩል የሚለውን አንዱንም አይናገርም። «ሦስት ቀን» ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ዕቃ የማስወጣቱ ዛቻ ነው። አከራይ በራሱ ሥልጣን የተከራይን ዕቃ ማውጣት አይችልም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ያ ጽሑፍ በባለቤቱ ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ከመጻፍ በፊት ሂሳቡን ማጥራት ይቀድማል። ባንክ የገባውን ይዩ፤ ከዚያ ወኪልዎን ወይም ቤቱን የሚያይልዎትን ዘመድ «በእጅ የተቀበልከው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ተከራዩ ለወንድምዎ በእጅ ሰጥቶ እርስዎ ያልሰሙበት ጉዳይ ብዙ ጠብ ያስነሳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ስለሚል፣ በእጅ መቀበል ከነጭራሹ ቢቀር ይሻላል።

አሁን ጉዳዩን በቁጥር እንየው። ኪራዩ በወር 18,000 ብር ነው፤ ውሉ ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ይከፈል ይላል። ተከራዩ የጥቅምትን 10,000 ብር ብቻ ከፍሏል፣ 8,000 ይቀርበታል። የኅዳርን ገና አልከፈለም። ድምሩ 26,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ኅዳር 12 ቀን 2018 ሲጽፉ ማስታወሻው እንዲህ ይሁን፦

> ጤና ይስጥልኝ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ኪራዩ ለማስታወስ ነው። ከጥቅምት ወር 8,000 ብር ይቀራል፤ ኅዳር 5 ይከፈል የነበረው የኅዳር ኪራይ 18,000 ብርም አልገባም። በድምሩ 26,000 ብር ነው። እስከ ዓርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ድረስ በውሉ ላይ ባለው የባንክ ሂሳብ እንዲያስገቡልኝና ደረሰኙን እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከፍለው ከሆነ ደረሰኙን ብቻ ይላኩልኝ። ችግር ካለ ደግሞ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ያሳውቁኝ። አመሰግናለሁ።

«አንተ» ወደ «እርስዎ» መለወጡ ትልቅ ነገር ነው። ተከራዩ በዕድሜ ቢያንስም፣ ጉዳዩ የውል ስለሆነ አክብሮቱ ለሁለቱም ይጠቅማል። ስማቸውን «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ መጨመርም ያምራል። «ከፍለው ከሆነ» የሚለው ሐረግ ባንክ ያዘገየው ክፍያ ካለ ሰውን ያለ ጥፋቱ ከመውቀስ ያድናል።

ጨዋ ለመሆን ብለው ግን ቀኑን አያላሉት። «ሲመችዎት»፣ «ቢቻል በቅርቡ» የሚሉ ቃላት ከገቡ ቀኑ ቀን መሆኑ ይቀራል። ውጭ አገር የለመድነውን ቀን መጻፍም ያሳስታል፤ ኖቬምበር 28 ማለት ኅዳር 19 መሆኑን ተከራዩ እንዲያሰላ አይተዉት። የቀኑን ስም መጨመር ስህተት ቢኖር ወዲያው ያጋልጣል።

የባንክ ሂሳቡን ቁጥር በመልእክቱ ውስጥ አዲስ አድርገው አይጻፉ። «በውሉ ላይ ያለው» ማለት ይበቃል፤ ስልክዎ ተጠልፎ ሌላ ሰው «ሂሳቤ ተቀይሯል» ቢል ተከራዩ እንዲጠራጠር ይረዳዋል። በንግድ ባንክ ካስተላለፉ ደረሰኙ ላይ `FT` ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ፤ እሱን ከራስዎ ሂሳብ ጋር ያመሳክሩ።

የሚላክበት ሰዓትም ያስቀይማል። በኅዳር ዋሽንግተን ማታ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጽፈው ያቆዩት፣ አዲስ አበባ ረፋድ ላይ እንዲደርስ ያድርጉ። በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ይላኩ፤ ድምፅ ቁጣን ይሸከማል፣ ቁጥሩም ያመልጣል።

ተከራዩ «ደመወዝ ዘግይቷል፣ በሁለት ልክፈል» ካለ እና ከተቀበሉት፣ ስምምነቱን ራስዎ መልሰው ይጻፉለት፦ «13,000 ብር ኅዳር 19፣ 13,000 ብር ኅዳር 30፤ የታኅሣሥ ኪራይ በወቅቱ»። «እስማማለሁ» የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቁ። ኅዳር 19 አልፎ መልስም ብርም ከሌለ ሁለተኛ የስልክ መልእክት አይደርድሩ፤ ሕጋዊ ውክልና ያለው ሰው በወረቀት ማስጠንቀቂያ አዘጋጅቶ ለተከራዩ ያስረክብ፣ በቅጂው ላይም ተከራዩን ያስፈርም። መፈረም እምቢ ካለ ወኪሉ ሲያስረክብ ሁለት ምስክር ይኑሩት።