የድምር ረድፉ ለምን አልነቃነቅ አለ?

የእድራችን የመዋጮ ሠንጠረዥ በፎቶ ብቻ ነበር የቀረው። 24 አባላት፣ ሦስት ወር። ቁጥሮቹን ከፎቶው ወደ ኤክሴል ስገለብጥ የድምር ረድፉንም እንዳለ ለጠፍኩት። በኋላ አንድ አባል የመስከረምን 150 ብር ሲያመጣ ሞላሁለት፤ ድምሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ እዚያ የተቀመጠው የተጻፈ ቁጥር እንጂ ስሌት አይደለም።

የድምር ረድፉን አጠፋሁና B26 ላይ ይህን ጻፍኩ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እስከ D26 ጎተትኩት።

```
=SUM(B2:B25)
```

በፎቶው ላይ ያሉትን ድምሮች ግን አልጣልኳቸውም። ረድፍ 27 ላይ ለማመሳከሪያ አስቀመጥኳቸው፤ ከሥራቸው ልዩነቱን አወጣሁ።

```
=B26-B27
```

መስከረም የተጨመረውን 150 ብር ብቻ አሳየ፤ ኅዳር ዜሮ። ጥቅምት ላይ ፎቶው 3,900 ይላል፤ ስሌቱ 3,450 ሰጠ። 450 ብር ጎደለ። ያን ያህል የከፈለው የሁለት ወር ውዝፍ የነበረበት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕዋሱን ሳየው ቁጥሩ ወደ ግራ ተጠግቷል። በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛው O ገብቶበት `45O` ሆኗል። SUM እንዲህ ያለውን እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት እንኳ አያሳይም። ይህ ደግሞ አረጋገጠልኝ፤ 24 ማለት ሲገባው 23 አለ።

```
=COUNT(C2:C25)
```

ዜሮውን አስተካከልኩ፤ ጥቅምትም 3,900 ገባ። ረድፍ 27ን አልሰረዝኩትም፤ ሲታተም ብቻ እደብቀዋለሁ።