የሰውነት ማጎልመሻ ዓመታዊ ዕቅድን የሚያበላሹ ስህተቶች

ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል የሚያስተምር የስፖርት መምህር የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ይቆጥራል። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። መቁጠር ያለበት ክፍለ ጊዜ ነው።

እስቲ እናስላው። 36 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ክፍለ ጊዜ፣ በድምሩ 72 ነው። ፈተና 4 ሳምንት ቢወስድ 8 ይቀነሳል። የትምህርት ቤት ዝግጅት፣ ዝናብና ሜዳው የሚያዝባቸው ቀናት ሌላ 6 ቢወስዱ 58 ይቀራል። ዕቅዱን በ72 የሠራ መምህር የዓመቱ መጨረሻ ላይ ያሉትን ርዕሶች ሳይነካቸው ይቀራል። ሁልጊዜ የሚቀረው ደግሞ ያው መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጅምናስቲክ።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም ስፖርት ማዳረስ ነው። እኔ ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው እላለሁ። 58ቱን ለ9 ስፖርት ብናካፍል ለእያንዳንዱ 6 ይደርሰዋል። የመጀመሪያው የተማሪዎችን ደረጃ ለማየት፣ የመጨረሻው ለምዘና ይሄዳል። 4 ቀረ። ከ40 ደቂቃው ልብስ መቀየሪያና መመለሻው 10 ከበላ፣ መረብ ኳስ በጠቅላላው የሚያገኘው 2 ሰዓት ነው። በ2 ሰዓት ተማሪው ኳስ በክንድ መቀበል ይጀምርና ልክ መመለስ ሲችል ርዕሱ ይቀየራል። ጨዋታውን ሳይጫወተው አለፈው ማለት ነው። ስፖርቶቹን 5 ብናደርጋቸው ግን እያንዳንዳቸው 11 ክፍለ ጊዜ ያገኛሉ። የሚተርፉት 3 ለተስተጓጎሉ ቀናት ይያዙ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ አለ። እጅ ኳስንና ቅርጫት ኳስን ምንም እንደማይገናኙ አድርጎ ማቀድ ጊዜ ያባክናል። ሁለቱም ላይ ተማሪው ከተከላካይ ተላቆ ክፍት ቦታ መፈለግ፣ ለሚሮጥ ጓደኛው ማቀበል አለበት። እጅ ኳስ ቀድሞ ከተሰጠ፣ ቅርጫት ኳስ ሲጀመር 3 ለ1 ኳስ ማቀባበል አጫውቱና እዩ። ኳስ የሌላቸው ልጆች ከተከላካዩ ጀርባ ወጥተው ራሳቸውን ካሳዩ፣ ስለ ክፍት ቦታ እንደገና ማስተማር አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ማንጠርና መወርወር ይኬዳል። ቆመው እጃቸውን ብቻ የሚያነሱ ከሆነ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት።

ሦስቱን ክፍሎች ጎን ለጎን ሳያዩ ማቀድም ያው ነው። 7ኛ ክፍል ላይ የተሰጠው ማንጠር 9ኛ ላይ ከዜሮ ሲጀመር ልጆቹ ይሰላቻሉ። ለአንድ ስፖርት በየክፍሉ ምን እንደሚጨመር በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ 7ኛ 3 ለ3 በጠባብ ሜዳ፣ 8ኛ ሰው በሰው መከላከል፣ 9ኛ 5 ለ5 በሙሉ ሕግ።

ምዘናን ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ማስቀመጥም አያዋጣም። 50 ተማሪ በ30 ደቂቃ ሲመዘን ለአንዱ 40 ሰከንድ አይደርስም። ከ7ኛው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ፣ ሌሎቹ ሲጫወቱ፣ በየቀኑ አሥር አሥር ልጅ ይታይ።