ቤዝ የሚጮህባትን ጠባብ ክፍል እንዴት እናስተካክላለን?

ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ አንዷን መኝታ ክፍል ሚክስ መስሪያ አድርጌያታለሁ። 4 ሜትር በ3 ሜትር ናት፣ ከፍታዋ 2 ሜትር ከ60። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያውና ወለሉ ኮንክሪት። መጀመሪያ ላይ ወንበሬን የክፍሉ መሃል ላይ አስቀምጬ፣ የሚሸጥ ስስ ስፖንጅ ገዝቼ ግድግዳውን ሞላሁትና ስራ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ሚክስ ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ስንሰማው የኋላው መስታወት ተንቀጠቀጠ። እኔ ቤት ቤዙ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ስለዚህ ጨምሬዋለሁ። ደግሞ ሁሉም ኖታ ላይ አልነበረም፣ ኤፍ ላይ ብቻ። ዝቅተኛው ኤፍ ወንበሬ ላይ አይሰማኝም፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ኤፍ ደግሞ ይጮሃል። ቤዝ ጊታሩ ተበላሽቷል ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር።

ጥፋቱ የክፍሉ ርዝመት ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህን ለርዝመቱ እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ስታካፍሉት 43 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሞገዱ ከፊትና ከኋላ ግድግዳ መሃል እየተመላለሰ ራሱን ይደግፋል። ግድግዳው ጋ ግፊቱ ከፍተኛ ነው፣ ልክ መሃል ላይ ግን ባዶ። እጥፉ 86 ኸርዝ ደግሞ በተቃራኒው መሃል ላይ ይጮሃል። ዝቅተኛው ኤፍ 43.7፣ ከላይ ያለው 87.3 ኸርዝ ነው። እኔ የተቀመጥኩት አንዱ የሚሞትበት ሌላው የሚያብድበት ቦታ ላይ ነበር ማለት ነው። ስፖንጁ ደግሞ 5 ሴንቲ እንኳን አይሞላም፣ እንዲህ ያለ ሞገድ እንዳለ አያውቀውም። የበላው የላይኛውን ድምፅ ብቻ ነው። ክፍሉ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ያህል ታፈነ፣ ቤዙ ግን እንደነበረ። የእንቁላል ትሪ ለምትለጥፉም መልሱ ይኸው ነው፣ ትሪው ከስፖንጁም ያነሰ ነው የሚሰራው።

ስለዚህ ስራው የሚጀምረው ከግዢ ሳይሆን ከወንበር ነው። ስፒከሮቹ የክፍሉን ረጅም አቅጣጫ ይመልከቱ፣ ማለትም ከአጭሩ ግድግዳ ፊት ይቀመጡ። ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ያላቸው ርቀት እኩል ይሁን። ጆሯችሁን ከፊት ግድግዳ የርዝመቱ 38 በመቶ ላይ አድርጉት። ለ4 ሜትር ክፍል 1 ሜትር ከ52 ሴንቲ ይሆናል። 38 ቅዱስ ቁጥር አይደለም፣ መነሻ ነው። ቤዝ ያለበት ዘፈን ከፍታችሁ ወንበሩን 10 ሴንቲ 10 ሴንቲ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ኖታዎቹ የሚመጣጠኑበትን ፈልጉ። መሃሉንና የኋላውን ግድግዳ ብቻ ሽሹ። እኔ ስፒከሮቼን በ1 ሜትር ከ20 አራራቅኳቸው፣ ከእኔም የዚያኑ ያህል ይርቃሉ፣ ከፊት ግድግዳ 48 ሴንቲ ላይ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ቀጥሎ ጥጎቹ። ሮክዉል ወይም ግላስዉል፣ ማለትም ከድንጋይ ወይም ከመስታወት ቃጫ የተሰራ ሰሌዳ፣ ድምፅን የሚበላው አየሩ በቃጫዎቹ መሃል ሲመላለስ ነው፣ ሰበቃው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አየር ግን አይንቀሳቀስም፣ መሄጃ የለውም። እንቅስቃሴው የሚበረታው ከግድግዳው የሞገዱን ሩብ ያህል ስትርቁ ነው፣ ለ86 ኸርዝ ይህ 1 ሜትር ነው። 1 ሜትር ውፍረት ያለው ነገር ማንም መኝታ ክፍል ውስጥ አይከትም። ጥግ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። የክፍሉ ሞገዶች ሁሉ ጥግ ላይ ይገናኛሉ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሰው መሄጃ ሳትይዙ ወፍራም ነገር መደርደር ትችላላችሁ።

አሰራሩ ቀላል ነው። 60 በ120 ሴንቲ የሆነ፣ 5 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሮክዉል ውሰዱ። ለሁለት ቁረጡት፣ ሁለት 60 በ60 ካሬ ይወጣዋል። እያንዳንዱን ካሬ በሁለቱም ሰያፍ ስትቆርጡት አራት ሶስት ማዕዘን ይሆናል፣ ፊቱ 60 ሴንቲ፣ ጎኖቹ 42 ሴንቲ ገደማ። ከአንድ ሰሌዳ ስምንት አገኛችሁ ማለት ነው። እነዚህን ጥግ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ አንዱን በአንዱ ላይ ትደረድራላችሁ። ለ2 ሜትር ከ60 ከፍታ 52 ሶስት ማዕዘን ይፈልጋል፣ ለአንድ ጥግ ስድስት ሰሌዳ ተኩል። ሁለት ጥግ 13 ሰሌዳ ይበላል። ረጅም የዳቦ ቢላ ይበቃል፣ ግን ጓንት፣ ማስክና እጅጌው ረጅም ልብስ ሳታደርጉ አትንኩት። እኔ በቲሸርት ጀምሬ ሌሊቱን ሳክክ አድሬያለሁ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጥቅጥቅ ያለውን በመምረጥ ነው። ለእንዲህ ያለ ወፍራም ክምር ቀለል ያለው፣ ርካሹም እሱ ነው፣ የተሻለ ይሰራል። በጣም የታመቀውን ሞገዱ ወደ ውስጥ ሳይገባ ፊቱ ላይ ይመለስበታል። ቀላሉ ግን በራሱ ክብደት እየተጫነ ይወርዳል፣ ከወራት በኋላ አናቱ ላይ ክፍተት ታያላችሁ። በየ1 ሜትሩ ቀጭን የእንጨት መደገፊያ ግድግዳው ላይ ምቱ። ከዚያ ሁለት ሞራሌ ከግራና ከቀኝ አቁማችሁ ፊቱን በአቡጀዲ ሸፍኑት። ጨርቁን ስትገዙ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉበት፣ ትንፋሽ በቀላሉ ካለፈ ድምፅም ያልፋል።

መጀመሪያ የትኛው ጥግ? በር የሌለበት። የእኔ ክፍል በር ከኋላ በስተቀኝ ስለሆነ ሁለቱን የፊት ጥጎች ሞላሁ፣ ለኋላው ደግሞ በሌላ መንገድ ሄድኩ። ጥግ ሲባል የቆመው ብቻ አይደለም፣ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበትም ጥግ ነው። የኋላው ግድግዳ አናት ላይ ሁለት ወፍራም ፓነሎች በሰያፍ ሰቀልኩ፣ ከኋላቸው አየር እንዲኖር አድርጌ። በሩንም አልነኩም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጸብራቅ። ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ በቀጥታ እናንተ ጋ ይደርሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ድምፅ ከጎን ግድግዳ ነጥሮ ይመጣል። በእኔ ክፍል የነጠረው 1 ሜትር ከ40 ገደማ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፣ በ4 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮ ይህን እንደ ማሚቶ አይለየውም። ሁለቱ ተደራርበው አንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ ይሰርዛሉ፣ አንዳንዱን ያጎላሉ። ዘፋኙ መሃል መቆሙ ቀርቶ ይበተናል፣ ግራና ቀኝ ይደበዝዛል።

ነጥቡን ለማግኘት መስታወት በቂ ነው። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። ሌላ ሰው መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጆሯችሁ ከፍታ ከፊት ወደ ኋላ ይግፋው። ስፒከሩ መስታወቱ ውስጥ የታየበት ቦታ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። የቅርቡን ስፒከር አይታችሁ አታቁሙ፣ ማዶ ያለውም እዚያው ግድግዳ ላይ ሌላ ነጥብ አለው። እኔን ወንድሜ መስታወቱን ያዘልኝና የቅርቡ ከፊት ግድግዳ 87 ሴንቲ ላይ፣ የሩቁ 1 ሜትር ከ9 ሴንቲ ላይ ወጣ። ያኔ ያዙልኝ ያልኳችሁን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ብታሰሩትም ያው ነው የሚመጣው። 60 ሴንቲ ስፋት ያለው አንድ የቆመ ፓነል ማዕከሉን 98 ላይ ስታደርጉት ሁለቱንም ነጥብ ይሸፍናል። ብዙ ሰው ሙሉ ግድግዳ ይሸፍናል፣ ለምን? የጎደለው ስፋት አይደለም፣ ውፍረት ነው።

ፓነሉን 10 ሴንቲ አድርጉት፣ ሁለት ሰሌዳ አንድ ላይ። ፍሬሙ ከጣውላ፣ ጨርቁ ያው አቡጀዲ፣ ጀርባውም ክፍት ወይም በጨርቅ ብቻ። ኮምፔንሳቶ ከኋላ አትምቱበት። ከግድግዳው ከ5 እስከ 10 ሴንቲ አርቃችሁ ስቀሉት፣ ያ ባዶ አየር በነጻ የምታገኙት ውፍረት ነው። ከፍታውን ከወለሉ ከ60 ሴንቲ ጀምሩ፣ 1 ሜትር ከ80 ላይ ያበቃል፣ ጆሯችሁ መሃሉ ላይ ይሆናል። ሌላኛው ጎን ላይም ያንኑ በትክክል ድገሙ። ጣሪያው ላይ ነጥቡ በስፒከሩና በእናንተ አጋማሽ ነው፣ ለእኔ ከፊት ግድግዳ 1 ሜትር ላይ። እዚያ ሁለት ፓነል ጎን ለጎን አንጠለጠልኩ። ኮንክሪቱን በድሪል በስታችሁ ጥሩ ፊሸር ተጠቀሙ፣ ከጭንቅላት በላይ የሚሰቀል ነገር በሚስማር አይታመንም።

ለውጡን በጆሮ ብቻ አትዳኙ፣ ደክሟችሁ ስለሰራችሁ የተሻለ ይመስላችኋል። REW የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ማይክ ጆሯችሁ ባለበት ቦታ ላይ አቁሙ፣ Measure የሚለውን ነክታችሁ ከ20 እስከ 300 ኸርዝ አስለኩ፣ ከዚያ Waterfall የሚለውን ከፍታችሁ Generate የሚለውን ንኩ። ቀድሞ የሚጠፋውንና ተንጠልጥሎ የሚቀረውን ያሳያችኋል። ከስራው በፊትም ለኩ፣ ያለበለዚያ የምታወዳድሩት የለም። የእኔ ላይ 86 አካባቢ ያለው ጅራት በጣም አጠረ፣ ቤዙ ኖታ በኖታ መለየት ጀመረ። 43 ላይ ግን ብዙም አልተቀየረም። የዚያ ሞገድ ሩቡ 2 ሜትር ነው፣ የእኔ ጥግ ክምር 30 ሴንቲ ብቻ ነው የሚጠልቀው። እዚያ የረዳኝ ወንበሩን ከመሃል ማንሳቴ ነው። በኢኩዌላይዘር ልሙላው ብትሉም አይሆንም፣ የተሰረዘ ድምፅ ላይ ብትጨምሩ የሚሰቃየው ስፒከሩ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልቀር፣ ይህ ሁሉ ድምፁን ከክፍሉ እንዳይወጣ አያደርገውም። ሮክዉል አየር ያሳልፋል፣ አየር ያሳለፈ ድምፅ ያሳልፋል። ክፍሉን ጨርሼ በደስታ የመጀመሪያውን ሚክስ ስከፍት ከታች ፎቅ ያሉት እማማ መጥተው አንኳኩ። «ልጄ፣ ዛሬስ ቃሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማኛል» አሉኝ።